ዘላቂ ቤት የሚባል ቅፅል የለም፤ አሥር ክረምት የሚባል ዕዳ ግን አለ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ቡናችሁን አፍሉና አንብቡ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለ። ሲቪል ተምሮ ሁለት ሦስት ዓመት ለሰው ሲሠራ ቆይቶ አሁን ከጓደኞቹ ጋር የራሱን ድርጅት ከፍቷል። ሐሳቡ ደስ ይላል። ጅማ ላይ፣ ከዚያም አጋሮ፣ የቡ፣ ሊሙ ገነት ድረስ እየሄደ ለመምህርና ለነርስ፣ ለቡና ገበሬና ለአነስተኛ ነጋዴ አቅም የሚመጥን፣ ግን የማይፈርስ ቤት መሥራት ይፈልጋል። «ቲቸር፣ አንተ የአማርኛ መምህር ነህ፤ ለባነርና ለመኪናችን በር የሚሆን አንድ መፈክር ጻፍልን» አለኝ። እሱ ራሱ ያሰበውንም ላከልኝ። «ዘላቂ ቤት፣ በተመጣጣኝ ዋጋ!»

አልጽፍም አልኩት። ተቀየመኝ። ለምን እንዳልኩ እሱም ያንብበው፣ እናንተም ፍረዱ።

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልናገር። አንዳንዶቻችሁ ታውቃላችሁ፣ የዛሬ ስንት ዓመት አሥራ ስድስት መምህራን ሆነን በቤት ሥራ ማህበር ተደራጅተን ነበር። በዲፕሎማ ደመወዝ ቤት መሥራት ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ አላብራራም። ዕቁብ ጥለን፣ ከዘመድ ተበድረን፣ አንዷ ባልደረባችን የጋብቻ ወርቋን ሸጣ ነው ያሟላነው። ኮንትራክተር ያዝን። ስሙን አልጠራም፣ አትጠይቁኝም። የሥራ ቦታው በር ላይ ትልቅ ባነር ሰቅሎ ነበር፤ «ለትውልድ የሚሻገር ቤት፣ በአቅምዎ» የሚል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ባነር ሳይ እኔም ልቤ ሞቆ ነበር። አማርኛው ቆንጆ ነው። ፎቶ ተነስቼበታለሁ።

በጥር 2010 ተጀመረ፣ በነሐሴ ተረከብን። ዝናብ በዝናብ ላይ እየወረደ ነው የገባነው። ግድግዳው ነጭ፣ በሩ ልስልስ፣ ሁሉ ሸጋ። በጥር 2011፣ ቡናው ተለቅሞ መሬቱ ሲደርቅ፣ ከሳሎን መስኮቴ ታችኛው ማዕዘን ተነስቶ ወደ ወለሉ በሰያፍ የሚወርድ ስንጥቅ አየሁ። ቀጭን ናት፤ የልስን ነው ብዬ ተውኳት። ግንቦት ላይ ጠፋች ለማለት ይቻላል። ደስ አለኝ። ክረምት ሲገባ ደግሞ የመኝታ ቤቱ በር ከወለሉ ጋር እየታከከ አልዘጋ አለ። በሚቀጥለው ጥር ስንጥቋ ተመልሳ መጣች፣ አሁን ግን የሃምሳ ሳንቲም ሳንቲም ታስገባለች።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ለብዙዎቻችሁ ይጠቅማል። ስንጥቅ ሁሉ አንድ አይደለም። ልስን ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተበተነ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ ልስኑ ውሃ ሳይጠጣ ቶሎ ስለደረቀ ነው፤ ያስጠላል እንጂ ቤት አይጥልም። ከመስኮት ወይም ከበር ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድ፣ ብሎኬቱንም የሚከፍል፣ በበጋ እየሰፋ በክረምት የሚጠብ ከሆነ ግን ችግሩ ግድግዳው ላይ አይደለም፣ ከእግሩ ሥር ነው። ለመለየት መሐንዲስ አያስፈልግም። እርሳስ ይዛችሁ የስንጥቁ ሁለቱ ጫፍ ላይ አጭር ሰረዝ አስምሩና ቀኑን ጻፉ። በየሁለት ወሩ ተመልከቱ። ስንጥቁ ሰረዙን አልፎ ከሄደ ቤቱ እየተንቀሳቀሰ ነው። የኔ ሳሎን ግድግዳ እስከ ዛሬ የእርሳስ ቀን ተጽፎበታል፤ እንግዳ ሲመጣ የልጆች ቁመት የሚለካበት ይመስለዋል።

ጅማ ውስጥ ቀይ አፈር ያለበት ሰፈር አለ፣ መረሬ ያለበት ሰፈር አለ። መረሬ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸማቀቃል። እኛ ጋ ደግሞ በዓመት ወደ 1500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይወርዳል፤ ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ እስከ መስከረም ማብቂያ መሬቱ ይጠጣል፣ ከኅዳር እስከ ጥር ይደርቃል። ማለትም ያ አፈር በየዓመቱ አንዴ ቤቱን ወደ ላይ ይገፋል፣ አንዴ ይለቀዋል። ቤቱ እኩል ቢነሳና እኩል ቢወርድ ችግር የለም። ጠርዙ ቀድሞ ይደርቃል፣ መሐሉ እርጥብ ሆኖ ይቆያል፤ ግድግዳው በዚህ መሐል ይሰበራል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ወይ መረሬውን አልፎ ጠንካራ መሬት እስኪገኝ መቆፈር፣ ወይም መረሬውን አውጥቶ በማያብጥ ሰሌክት ማቴሪያል በየንብርቡ እየጠቀጠቁ መሙላት፣ ከዚያም የጣሪያው ውሃ መሠረቱ ሥር እንዳይገባ ማራቅ።

የኛ ፕላን ላይ ይህ ሁሉ ተጽፎ ነበር። የመሠረቱ ጥልቀት 1 ሜትር ከ20 ይላል። ያ የደወለልኝ ተማሪዬ ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ለእረፍት መጥቶ ስንጥቋን ሲያይ አካፋ አምጣ አለኝ። ከግድግዳው ጥግ ቆፈርን። ድንጋዩ 50 ሳንቲ ላይ አለቀ። ከሥሩ ጥቁር፣ የሚያጣብቅ መረሬ።

አሁን ሂሳቡን አብረን እንሥራው፣ ምክንያቱም የጽሑፌ ፍሬ ነገር እዚህ ነው። ቤቴ 6 በ7 ነው። የውጭ ግድግዳው ዙሪያ 26 ሜትር፣ መሐል ላይ አንድ 6 ሜትር ግድግዳ አለ፤ በድምሩ 32 ሜትር ቦይ። የቦዩ ስፋት 60 ሳንቲ። የጎደለው ጥልቀት 70 ሳንቲ። 32 በ0.6 በ0.7 ሲባዛ ከ13 ሜትር ኩብ ትንሽ ከፍ ይላል። አንድ ሲኖትራክ አይሞላም! አንድ ሲኖ የማይሞላ ድንጋይና ጥቂት የቀን ሠራተኛ ለማትረፍ ሲባል «ለትውልድ የሚሻገር» የተባለው ቤት ሁለተኛ በጋውን ሳይሻገር ተሰነጠቀ። አሥራ ስድስታችንን ብትደምሩ 215 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ለኮንትራክተሩ ትርፍ ነው። ለኛ የሕይወት ዘመን ቁጠባ።

ተሰብስበን ሄድን። ሰውዬው ምን ቢለን ጥሩ ነው? «አፈሩ ነው እንጂ እኔ ምን ላድርግ? አፈሩን እኔ አልፈጠርኩት!» እኛም እንደ ሞኝ ራሳችንን ነቅንቀን ተመለስን። አፈር ነዋ! የእግዜር ሥራ ነዋ!

ቆይቶ ነው ሕግ የሚያስተምር አንድ ወዳጄ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ገልጦ ያሳየኝ። የ1952ቱ፣ ዛሬም የሚሠራበት። አንቀጽ 3039። ጠበቃ አይደለሁም፤ የገባኝን በራሴ አማርኛ ልበለው። ቤት የሠራ ተቋራጭ ሥራውን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለአሥር ዓመት ለሥራው በትክክል መሠራትና ለግንባታው ጥንካሬ ዋስ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ በአሠራር ጉድለት ለመጣ ጉዳት ብቻ ሳይሆን፣ ቤቱ በቆመበት መሬት ጠባይ ምክንያት ለመጣ ጉዳትም ተጠያቂ ነው። በመሬቱ ጠባይ! ሦስተኛው ንዑስ ደግሞ ይህን ጊዜ የሚያሳጥር ወይም ዋስትናውን የሚያስቀር ውል ቢፈረም እንኳ ዋጋ የለውም ይላል።

ማለትም ሰውዬው «አፈሩ ነው» ሲለን ራሱን ነፃ ያወጣ መስሎን ነበር፤ ለካ ጥፋቱን እያመነ ነበር። አፈሩን ማወቅ የሱ ሥራ ነው። ሕጉ የተጻፈው ደግሞ እኔ ሳልወለድ፣ አባቴ ልጅ ሳለ ነው።

ሂደን ስንፈልገው ድርጅቱ የለም። ፈቃዱን መልሷል። ሰውዬው ሌላ ስም ይዞ ሌላ ከተማ ሌላ ባነር ሰቅሏል አሉ። ባነሩ ምን እንደሚል መገመት አያቅታችሁም።

እንግዲህ ወደ መፈክሩ።

አንዳንዱ «ቲቸር ታሪኩ ስለ መሠረት ነው፣ መፈክር ምን አደረገህ?» ይላል። አደረገኝ እንጂ! ያ ባነር ገንዘቤን ከኪሴ ያወጣ አማርኛ ነው። ስለዚህ እንደ አማርኛ መምህር ልመርምረው።

«ዘላቂ»፣ «አስተማማኝ»፣ «ጥራት ያለው»፣ «ተመጣጣኝ»። እነዚህ ሁሉ ቅፅሎች ናቸው። ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኳችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ቅፅል ስምን ይገልጻል እንጂ ማን፣ ምን፣ መቼ ድረስ እንደሚያደርግ አይናገርም። ባለቤት የለውም፣ ጊዜ የለውም። «ዘላቂ ቤት» የሚል ሰው ስንት ዓመት ዘላቂ እንደሆነ አልተናገረም፤ ባይዘልቅ ማን ምን እንደሚያደርግም አልተናገረም። ስለዚህ አልዋሸም። ስለዚህም አይያዝም። የማስታወቂያ አዋጁ፣ 759/2004፣ ማስታወቂያ እውነተኛና የማያሳስት ይሁን ይላል። ግን ልብ በሉ፣ ሰው በውሸት የሚከሰሰው አንድ ነገር ሲናገር ነው። ምንም ያልተናገረን ሰው በምን ትከሰዋለህ? የቅፅል መፈክር ለዚህ ነው የተመቻቸው፤ ብዙ የሚሰማ፣ ምንም የማያስይዝ።

«ለትውልድ የሚሻገር» ደግሞ ከቅፅል ይብሳል። ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ያላያችሁት የለም፣ በትምህርት ጉዞ ስንቴ ወስጃችኋለሁ። ዳግማዊ አባ ጅፋር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ያሠሩት ነው። እንጨትና ጭቃ ነው፣ ኮንክሪት የለበትም። እስከ ዛሬ ያቆመው ምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ አንደኛው መልስ ሰፊው ጣሪያውና ዙሪያውን የከበበው በረንዳ ነው፤ ዝናቡ ግድግዳው ላይ አይወርድም። ሁለተኛው መልስ ጥገና ነው። እንጨቱ ሲበሰብስ፣ ምስጥ ሲገባ፣ ጣሪያው ሲያፈስ ሰው አልደረሰለትም የተባለበት ጊዜ ነበር፤ ያኔ ሲጎዳ ሁላችን አይተናል፣ ጥገና ሲደረግለት ደግሞ ተመልሶ ቀና ብሏል። ትውልድን የሚያሻግረው ግንበኛው አይደለም፣ ቤቱን የሚይዘው ሰው ነው። ተቋራጭ ለትውልድ ቃል መግባት አይችልም። ለአሥር ክረምት ግን ይችላል፣ ሕጉም ግድ ይለዋል።

አሁን ደግሞ «በተመጣጣኝ ዋጋ» የሚለውን እንየው። በሀገራችን ከቤት ጋር በተያያዘ ከሁሉ ይበልጥ ሕዝብ አፍ የገባው መፈክር የትኛው ነው? እኔ «20/80» እላለሁ። ሳቃችሁ አይደል? ግን አስቡት። በ1990ዎቹ ማብቂያ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ወደ ክልል ከተሞችም ሲወርድ፣ እኛም ጅማ ላይ ስናየው፣ ማንም ሰው «ተመጣጣኝ ዋጋ ያለው ቤት ተመዝግቤያለሁ» አላለም። «ሃያ ሰማንያ ነኝ» ነው ያለው። ሃያ ከመቶ አንተ ትከፍላለህ፣ ሰማንያው የባንክ ብድር ነው። ሁለት ቁጥር፣ ማንም ጸሐፊ ያላሳመረው። እናቴ ማንበብ አትችልም፣ ግን ሃያ ሰማንያ ምን እንደሆነ ታውቃለች። ኋላም 10/90፣ 40/60 መጣ። 40/60 ላይ ዕጣ ሲወጣ ሙሉውን ለከፈሉት ቅድሚያ ሲሰጥ ሕዝቡ ለምን እንደጮኸ አስታውሱ። ስሙ ራሱ ቃል ነበር። አርባ ከፍዬ እደርሳለሁ ያለ ሰው «ስሙን ተመልከት እንጂ!» ማለት ቻለ። ያ ነው የቁጥር መፈክር ጉልበቱ፤ ሲጣስ ይታወቃል። «ተመጣጣኝ» ሲጣስ በምን ይታወቃል?

ግን 20/80ም ጎደሎ ነበር። ስለ ክፍያ ተናገረ፣ ስለ ቤቱ ዕድሜ አልተናገረም። የሚያፈሰው ቧንቧ፣ የሚላጠው ቀለም በየትኛው ቁጥር ውስጥ ነው? በየትኛውም።

«በተመጣጣኝ ዋጋ» የሚለው ቃል የቡና ከተማ ላይ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ጉድ አለበት። አዲስ አበባ ተጽፎ የመጣ ማስታወቂያ «በወር ይህን ያህል ብር ብቻ» ይላል። ጎማ ወረዳ ያለ የቡና ገበሬ በወር ገቢ የለውም፤ ገንዘቡ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይመጣል፣ ሚያዝያ ላይ ባዶ ነው። ለሱ ተመጣጣኝ ማለት ዋጋው ማነሱ ብቻ አይደለም፣ የሚከፈልበት ወር ነው። ደግሞ ዕድል ሆኖ ገንዘቡ የሚመጣበት ወቅት ለመሠረት ቁፋሮም ጥሩው ወቅት ነው፤ መሬቱ ደረቅ ነው፣ ቦዩ ውሃ አይቋጥርም። ታኅሣሥ ላይ ቡናውን የሸጠ ሰው ጥር ላይ መሠረት አውጥቶ፣ ዋናው ክረምት ሳይገባ ጣሪያ ሊያለብስ ይችላል። «ቡና ሲሸጥ ይከፍላሉ» የሚል ድርጅት እስካሁን አላየሁም።

እዚህ ላይ ተማሪዬ በስልክ የተከራከረኝን በሐቅ ላስቀምጥ፣ ሞኝ አይደለምና።

አንደኛ፣ «ቲቸር፣ ርካሽና ጠንካራ አብሮ አይሄድም ልትል ነው?» አለኝ። አላልኩም። አብሮ ይሄዳል፣ ግን የሆነ ነገር ይቆረጣል። ጥያቄው ምን እንደሚቆረጥ ነው። ከቤቱ ስፋት ቁረጥ። ሁለት ቤት በአንድ ግድግዳ አያይዘህ ቁረጥ። ከሴራሚኩ፣ ከጂፕሰሙ፣ ከበሩ ጌጥ ቁረጥ፤ ሰው ቀስ ብሎ ያሟላዋል። ሦስት ነገር ግን አትንካ፤ ከመሬት በታች ያለውን፣ ጣሪያውን፣ ውሃውን። ከመሬት በታች ያለውን አንዴ ከሸፈንከው ማንም አይመለስበትም። ጣሪያ ላይ የቆርቆሮው ጌጅ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ቆርቆሮው እንደሚወፍር ስንቱ ገዢ ያውቃል? 32 ሲሉት ከ28 የበለጠ ይመስለዋል! ውሃ ስል ደግሞ ሁለት ነገር ነው። ሲቦካ ማነስ አለበት፤ ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ 25 ሊትር ገደማ ውሃ በቂ ሆኖ ሳለ ሠራተኛው ለማንሸራተት እንዲቀለው አንድ ባልዲ ከጨመረ ኮንክሪቱ ደክሟል። ከተሞላ በኋላ ግን ውሃ መብዛት አለበት፤ ቢያንስ ሰባት ቀን ማጠጣት። ይህ ከሲሚንቶ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ነፃ ነው ማለት ይቻላል፤ የሚፈልገው ጠዋትና ማታ የሚመጣ ሰው ብቻ ነው። የኛ ሰፈር ግንባታ ላይ ያ ሰው ቅዳሜና እሑድ አይመጣም ነበር።

ሁለተኛ፣ «አሥር ዓመት ብዬ ብጽፍ ሰው በአሥራ አንደኛው ይፈርሳል ብሎ ያስባል» አለኝ። ይህ ጥሩ ክርክር ነው፣ አንድ ቀን ሙሉ አስቤበታለሁ። መልሴ ይህ ነው። ሰው ለመኪና ባትሪ የአንድ ዓመት ዋስትና ሲሰጠው በዓመቱ ማግስት ይሞታል ብሎ አይሸሽም፤ ዋስትና የሌለውን ነው የሚሸሸው። ዋስትና የዕቃው ዕድሜ አይደለም፣ የሻጩ ኃላፊነት ዕድሜ ነው። ይህን ልዩነት ገዢው እንዲያውቀው ማድረግ የመፈክር ሥራ ነው እንጂ መደበቅ አይደለም።

ሦስተኛው ከበደኝ። «ሰውዬው ከግድግዳው ሁለት ሜትር ላይ ባሕር ዛፍ ተክሎ፣ አሸንዳውን ነቅሎ፣ ላዩ ላይ ፎቅ ጨምሮ ቢሰነጠቅስ? እኔ ልክፈል?» እውነቱን ነው። ባሕር ዛፍ ከመረሬ ውስጥ ውሃ መጥጦ አፈሩን በአንድ ወገን ያደርቀዋል፤ የጎረቤቴ ስንጥቅ ከኔ የሰፋው በዚያ ነው፣ ኋላ ቆርጦታል። ስለዚህ በርክክቡ ቀን አንድ ገጽ ወረቀት ይኑር። ቤቱ እንዲህ ነበር፣ መሠረቱ ይህን ያህል ወርዷል፣ ይህን አታድርግ፣ ይህን ካደረግህ የኔ አይደለም። ሁለታችሁም ፈርሙ። መሠረቱ ሳይደፈን በፊት ሜትር ተዘርግቶበት ፎቶ አንሱና ለገዢው ስጡት። አንድ ፎቶ! እኛ አሥራ ስድስት የተማረ ሰዎች ነበርን፣ ማንም ያን ፎቶ አላነሳም። ባነሩን ግን ሁላችን ፎቶ አንስተናል።

አሁን ደግሞ በራሴ ላይ ልናገር፣ ምክንያቱም አንቀጽ 3039 ብቻውን እንደማያድን ያየሁ ሰው ነኝ። አሥር ዓመት ዋስ የሚሆን ድርጅት ሦስት ዓመት ብቻ ከኖረ ዋስትናው ወረቀት ነው። ለዚህ የድሮ መፍትሔ አለ፤ ትልልቆቹ ፕሮጀክቶች ሁልጊዜ ያደርጉታል። ከየክፍያው ላይ ለምሳሌ አምስት ከመቶ ሪቴንሽን ይያዛል፣ ጊዜያዊ ርክክብ ይደረጋል፣ ከዚያ ዓመት ተጠብቆ ጉድለቱ ከተስተካከለ በኋላ የመጨረሻ ርክክብ ሆኖ የተያዘው ይለቀቃል። መንግሥት መንገድ ሲያሠራ ይህን ያደርጋል። መምህራን ቤት ሲያሠሩ ግን «እኛ እንተማመናለን» ተባብሎ ቁልፉ ሲሰጥ ሙሉው ይከፈላል። እኛ በነሐሴ ስንረከብ አምስት ከመቶ ይዘን ቢሆን፣ ያ የጥር ስንጥቅ ሲወጣ ሰውዬው ገና ስልኩን ያነሳ ነበር። አንድ ክረምትና አንድ በጋ ያላለፈበት ቤት አልተፈተነም። መረሬ ላይ ደግሞ ፈተናው በጋው ነው።

እንግዲህ ለተማሪዬ የላክሁለት ይህ ነው።

«አሥሩ ክረምት በእኛ።»

ሦስት ቃል። ቅፅል የለውም። ቁጥር አለው፣ ባለቤት አለው። ክረምት ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ «ዓመት» የውል ቃል ነው፣ ክረምት ግን ጅማ ላይ ቤት የሚያፈርሰው የጠላት ስም ነው፣ የየቡም ገበሬ ይቆጥረዋል። ከሥሩ በትንሽ ጽሕፈት ይህ ይጨመር፦ «መሠረቱን ሳንደፍን ያያሉ። ቡና ሲሸጥ ይከፍላሉ። አምስት ከመቶውን በዓመቱ ይለቁልናል።» የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው የተቆጣው። «ቲቸር፣ ገንዘቤን ራሴ አስይዤ በባነር ልለጥፍ?» አለኝ።

አዎ። እሱን መለጠፍ ካልቻልክ «ዘላቂ»ንም አትለጥፍ። ዘላቂ መሆኑን ከልብህ የምታምን ከሆነ አምስት ከመቶህ የት ይሄዳል? የማታምን ከሆነ ደግሞ እኔ ምን ብዬ ነው የሌላ መምህር ወርቅ የሚያሸጥ አማርኛ የምጽፍልህ? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የመሠረት ወለምታ ደግሞ በልስን አይሸፈንም። ሦስት ጊዜ አስለስኜዋለሁ፣ አውቃለሁ።

እስካሁን መልስ አልሰጠኝም። ትናንት በሰርቪስ ሳልፍ አየሁት፤ የመኪናው በር ገና ባዶ ነው፣ ነጭ። ባዶ መሆኑ በራሱ ደስ ብሎኛል።

ቤት ልታሠሩ ያሰባችሁ ካላችሁ ግን እሱን አትጠብቁ። ውላችሁን አውጡና ሪቴንሽን የሚል ቃል ፈልጉበት። ከሌለ ከመፈረማችሁ በፊት አስገቡ። ባነር ላይ ያለውን አማርኛ ውል ላይ አምጣው በሉት፤ «ለትውልድ» ብሎ የለጠፈ ሰው «ለአሥር ዓመት» ብሎ ለመፈረም ካመነታ፣ መልሱን አገኛችሁ። የፈረማችሁና የተሰነጠቀባችሁም አላችሁ፤ ከርክክቡ ቀን አሥር ዓመት ካልሞላችሁ ጠበቃ ጋ ሄዳችሁ አንቀጽ 3039 በሉት። የኛ ርክክብ ነሐሴ 2010 ነው። አሥራ ስድስታችን እንደገና እየተሰባሰብን ነው። ሰውዬውን የምታውቁት ካላችሁ ኮሜንት ላይ ስሙን አትጻፉ፣ በውስጥ መስመር አድርሱኝ።

ስንጥቁ ላይ የመጨረሻው የእርሳስ ሰረዝ ያለፈው ጥር ነው። አልፎታል።